ሱፐርትሬንድ መቼ ነው የሚገለበጠው? አንዱን መገልበጥ በእጅ እናስላው

ሱፐርትሬንድ የዋጋን አቅጣጫ በአንድ መስመር የሚያሳይ ኢንዲኬተር ነው፤ ቻርት ላይ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ዋጋው ከመስመሩ በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ በታች ከሆነ ቀይ። ጥያቄው የሚመጣው ቀለሙ ሲቀየር፣ ማለትም ሲገለበጥ ነው። ለምን አሁን ተቀየረ? ዋጋው መውደቅ ከጀመረ ቆይቶ የለም እንዴ? መልሱ ስሌቱ ውስጥ ተቀምጧል። ስሌቱ ደግሞ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል ካላችሁ ይበቃችኋል።

እዚህ አንድ መገልበጥ ብቻ ወስደን ከስር እስከ ጫፍ እናስላለን። የምንጠቀመው ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚያሳዩትን ቅንብር ነው፤ የኤቲአር፣ ማለትም የካንድሎች አማካይ ስፋት፣ ርዝመት 10 ካንድል፣ ማባዣ 3። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተሠሩ ናቸው። ለማንኛውም ገበያ፣ ለማንኛውም ታይምፍሬም ስሌቱ አንድ ነው።

## ደረጃ 1፦ ትሩ ሬንጅን አውጡ

የአንድ ካንድል ስፋት ሲባል ብዙ ሰው ከፍተኛውን ከዝቅተኛው ይቀንሳል። ይህ ግን በሁለት ካንድሎች መካከል የተፈጠረውን ዝላይ ይዘለዋል። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮች ታወጡና ትልቁን ትይዛላችሁ። አንደኛው ከፍተኛው ሲቀነስ ዝቅተኛው ነው። ሁለተኛው የዛሬው ከፍተኛና ያለፈው ካንድል መዝጊያ ልዩነት ነው። ሦስተኛው የዛሬው ዝቅተኛና ያለፈው መዝጊያ ልዩነት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ የመቀነስ ምልክት ቢመጣ ጣሉት።

ያለፈው ካንድል 100.5 ላይ ተዘግቷል እንበል። አዲሱ ካንድል ከፍተኛው 103፣ ዝቅተኛው 101 ነው። ስፋቱ 2 ብቻ ነው፤ ከ100.5 እስከ 103 ያለው ርቀት ግን 2.5 ነው። ትሩ ሬንጁ 2.5 ይሆናል።

## ደረጃ 2፦ ኤቲአር

ኤቲአር የትሩ ሬንጅ አማካይ ነው፤ ግን ተራ አማካይ አይደለም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው ዌልስ ዋይልደር የራሱ ማለስለሻ ነበረው። ያለፈውን ኤቲአር በ9 አባዙ፣ የዛሬውን ትሩ ሬንጅ ደምሩበት፣ ለ10 አካፍሉ።

```
ATR = (ATR_prev * 9 + TR) / 10
```

ያለፈው ኤቲአር 2.00 ከነበረ፣ አዲሱ (18 + 2.5) / 10 = 2.05 ይሆናል። የዛሬው ካንድል ድርሻ አንድ አስረኛ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ያበጠ ካንድል ሲመጣ ኤቲአሩ ትንሽ ይነሳል፤ ያ ካንድል የጨመረበት ነገር ግን ግማሹ እስኪጠፋ ወደ ሰባት ካንድል ይፈጃል። ኋላ ላይ ይህ ነገር ዋጋ ያስከፍለናል።

የመጀመሪያው ኤቲአር ከየት ይምጣ? የመጀመሪያዎቹን 10 ትሩ ሬንጆች ተራ አማካይ ውሰዱ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 50 ካንድል እስኪያልፍ ድረስ ቁጥሩን አትመኑት፤ መነሻው ገና እየጎተተው ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ለአንድ ገበያ የተለያየ መስመር ካሳዩአችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው አንዱ የዋይልደርን ማለስለሻ፣ ሌላው ተራ አማካይ መጠቀሙ ነው።

## ደረጃ 3፦ ጥሬዎቹ ባንዶች

የካንድሉን መሃል አውጡ፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ ተደምረው ለሁለት። በኮድ ላይ `hl2` ይባላል። ከመሃሉ 3 ኤቲአር ወደ ላይ ስትሄዱ የላይኛው ባንድ፣ 3 ኤቲአር ወደ ታች ስትወርዱ የታችኛው ባንድ ይገኛል። በምሳሌአችን መሃሉ 102 ነው፣ 3 ኤቲአር ደግሞ 6.15። ላይኛው 108.15፣ ታችኛው 95.85።

መነሻው የካንድሉ መሃል እንጂ መዝጊያው አይደለም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ስለ መዘግየት ስናወራ እንመለስበታለን።

## ደረጃ 4፦ ወደ ኋላ የማይመለሰው መስመር

ሱፐርትሬንድን ሱፐርትሬንድ ያደረገው ይህ ደረጃ ነው። ጥሬዎቹ ባንዶች ከዋጋው ጋር ላይ ታች ይላሉ። የመጨረሻው መስመር ግን እንዲህ አያደርግም። የታችኛው መስመር መውጣት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ የላይኛው ደግሞ መውረድ ብቻ። አዲሱ ጥሬ ባንድ ከትናንቱ የተሻለ ካልሆነ የትናንቱ ባለበት ይቀመጣል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ያለፈው ካንድል ከመስመሩ ባሻገር ከተዘጋ ያ መስመር ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ተሰርዞ ከጥሬው ባንድ እንደ አዲስ ይነሳል። በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፤ `bu` እና `bl` ጥሬዎቹ፣ `fu` እና `fl` የመጨረሻዎቹ ባንዶች ናቸው፣ `c` መዝጊያ ዋጋ፣ `up` ደግሞ ትሬንዱ ወደ ላይ መሆን አለመሆኑ ነው።

```python
fu[i] = bu[i] if bu[i] < fu[i-1] or c[i-1] > fu[i-1] else fu[i-1]
fl[i] = bl[i] if bl[i] > fl[i-1] or c[i-1] < fl[i-1] else fl[i-1]

if up[i-1]:
    up[i] = c[i] >= fl[i]
else:
    up[i] = c[i] > fu[i]
```

ራሳቸው ኮድ የሚጽፉ ሰዎች በብዛት የሚረሱት ከ`or` በኋላ ያለውን ክፍል ነው። ስህተቱን መለየት ቀላል ነው። ገበያው አንድ ሁለቴ ከተገለበጠ በኋላ ቀለሙ በየካንድሉ አረንጓዴ ቀይ፣ አረንጓዴ ቀይ ማለት ይጀምራል። ያረጀው የታችኛው መስመር ሳይሰረዝ ከዋጋው በላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ያረጀው የላይኛው ደግሞ ከዋጋው በታች። በሁለቱም በኩል የመገልበጥ ሁኔታው ሁልጊዜ የተሟላ ነው።

## ደረጃ 5፦ የሚገለበጠው በመዝጊያ ነው

ትሬንዱ ወደ ላይ ከሆነ ቻርቱ ላይ የሚታየው የታችኛው መስመር ብቻ ነው። የላይኛውም እየተሰላ ነው፤ ግን ተደብቋል። መዝጊያው ከታችኛው መስመር በታች ሲሆን ትሬንዱ ይገለበጥና የሚታየው መስመር ወደ ላይኛው ይዘላል። ወደ ላይ ሲገለበጥም በተቃራኒው እንዲሁ ነው።

አሁን ካንድሎቹን እንከተል። ከመጀመሪያው ካንድል በፊት ትሬንዱ ወደ ላይ ነው። ኤቲአሩ 2.00፣ የታችኛው መስመር 94፣ የተደበቀው የላይኛው 106፣ መዝጊያው 100.5 ነው።

| ካንድል | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መዝጊያ | ኤቲአር | የሚታየው መስመር |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 103 | 101 | 102.8 | 2.05 | 95.85 |
| 2 | 105.4 | 102.6 | 105 | 2.125 | 97.625 |
| 3 | 106 | 100 | 101 | 2.51 | 97.625 |
| 4 | 101.5 | 98.1 | 98.5 | 2.60 | 97.625 |
| 5 | 99.5 | 96.8 | 98.2 | 2.61 | 97.625 |
| 6 | 98.4 | 95.6 | 96 | 2.63 | 104.89 |

ሁለተኛው ካንድል ላይ ሁሉም ሰላም ነው። መሃሉ 104፣ 3 ኤቲአር 6.375፣ መስመሩ 97.625።

ሦስተኛው ካንድል ጉዳዩን ይቀይረዋል። ወደ 106 ወጥቶ 101 ላይ ይዘጋል፤ ትሩ ሬንጁ 6 ነው። ኤቲአሩ ወደ 2.51 ይነሳል፣ ጥሬው የታችኛው ባንድ ወደ 95.46 ይወርዳል። መስመሩ ግን መውረድ አይፈቀድለትም፤ 97.625 ላይ ይቆማል። ትሬንዱም ወደ ላይ እንደሆነ ይቀጥላል።

አራተኛው ካንድል ላይ ዋጋው 98.5 ነው፣ አሁንም አረንጓዴ። አምስተኛው ካንድል 96.8 ድረስ ወርዶ መስመሩን ይበሳዋል። ቢሆንም 98.2 ላይ ስለተዘጋ ምንም አልተፈጠረም። ስድስተኛው 96 ላይ ሲዘጋ ነው ነገሩ የሚያበቃው። መሃሉ 97 ነው፣ 3 ኤቲአር 7.89፣ ስለዚህ መስመሩ ወደ 104.89 ይዘላል።

## መዘግየቱ የት የት ነው ያለው?

«ማባዣው 3 ስለሆነ ከጫፉ 3 ኤቲአር ዘግይቶ ይገለበጣል» የሚል ነገር ትሰማላችሁ። እስኪ እንየው። ከፍተኛው መዝጊያ 105 ነበር፣ የተገለበጠው 96 ላይ ነው። የጠፋው 9 ነጥብ ነው። ጫፉ ካንድል ላይ ኤቲአሩ 2.125 ስለነበር፣ 9 ለ2.125 ሲካፈል 4.2 ገደማ ይመጣል። ሦስት አይደለም፤ ከአራትም ይበልጣል።

ትርፉ ከየት መጣ? 6.375ቱ የማባዣው ድርሻ ነው። 1 ነጥቡ የመጣው መስመሩ ከመዝጊያው ሳይሆን ከካንድሉ መሃል ስለሚለካ ነው፤ መዝጊያው 105፣ መሃሉ 104 ነበር። ጠንካራ ካንድል ጫፉ አካባቢ ስለሚዘጋ፣ ትሬንዱ በሞቀ ቁጥር ይህ ክፍተት ይሰፋል። የቀረው 1.625 ደግሞ መዝጊያን በመጠበቅ የተከፈለ ነው፤ መስመሩ 97.625 ላይ ሆኖ ሳለ እኛ ያወቅነው 96 ላይ ነው። ካንድሉ ከተዘጋ በኋላ የምትወጡት ደግሞ በሚቀጥለው መክፈቻ ነው። ያኛው ልዩነት ገና አልተቆጠረም።

ይህ መውጫው ላይ ያለው መዘግየት ነው። መግቢያውም ላይ ተመሳሳይ አለ። ወደ ላይ ስትገቡ ከታችኛው ጫፍ 4 ኤቲአር ገደማ ካለፈ በኋላ፣ ስትወጡም ከላይኛው ጫፍ 4 ኤቲአር ከወረደ በኋላ ከሆነ፣ ሙሉው ጉዞ 8 ኤቲአር ቢሆን በእጃችሁ የሚቀረው ዜሮ ነው። ኮሚሽንና ስፕሬድ ሲጨመር ደግሞ ኪሳራ። በግሌ ሱፐርትሬንድን ለአንድ ገበያ ከመጠቀሜ በፊት መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፦ እዚያ ገበያ ላይ ያሉት ማዕበሎች አብዛኛውን ጊዜ ስንት ኤቲአር ይጓዛሉ? መልሱ ስድስት ሰባት ከሆነ ቅንብር መነካካት ብዙም አያድንም።

ሁለተኛው መዘግየት ከድንገተኛ ካንድል በኋላ የሚመጣው ነው። በምሳሌአችን ሦስተኛው ካንድል ላይ ኤቲአሩ 2.51 ሆኗል። ገበያው ከዚያ በኋላ ሳይወድቅ ቢያንሰራራ ኖሮ፣ መስመሩ እንደገና መውጣት የሚጀምረው የካንድሉ መሃል ከ97.625 በ3 ኤቲአር ሲበልጥ ነው። ይህም ከ105.16 በላይ ነው፤ ከቀድሞው መዝጊያ ጫፍ በላይ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ መስመሩ ዝርግ ሆኖ ይቆያል። ኤቲአሩ በየካንድሉ ትንሽ ትንሽ ስለሚወርድ ትክክለኛው ቁጥር ይቀንሳል፤ ቅነሳው ግን አዝጋሚ ነው። ስለዚህ ዋጋው እየወጣ መስመሩ ዝርግ ሆኖ ካያችሁት፣ ኤቲአሩ ገና ያለፈውን ድንጋጤ እንዳልጣለ እወቁ። ስቶፓችሁን በዚያ መስመር ላይ ካስቀመጣችሁ፣ ያገኛችሁት ትርፍ ገና አልተጠበቀም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ ከመገልበጡ ማግስት ያለው ርቀት። ስድስተኛው ካንድል 96 ላይ ሲዘጋ አዲሱ መስመር 104.89 ላይ ነው። ቁልቁል የሸጠ ሰው ስቶፑን እዚያ ቢያደርግ 8.89 ነጥብ አደጋ ላይ ነው ያለው። እንዲህ የራቀው በሁለት ምክንያት ነው፦ ባንዱ ከመሃል ወደ ሌላኛው ወገን 3 ኤቲአር ሙሉ ስለሚሄድ፣ ኤቲአሩም ለመገልበጡ ምክንያት በሆነው ውድቀት ስላበጠ። ዋጋው ተመልሶ ቢነሳ ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚመለሰው ከ104.89 በላይ ሲዘጋ ነው፤ ከጀመረበት ጫፍ አጠገብ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር አለ። ወደ ጎን የሚሄድ ገበያ ሁሉ ለሱፐርትሬንድ መጥፎ አይደለም። ውጣ ውረዱ ጠባብ ከሆነ መስመሩ ጋ አይደርስም፤ ቀለሙም አይቀየርም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚያቃጥለው ከባንዱ ርቀት በትንሹ የሚሰፋ ውጣ ውረድ ነው። ከ96 በታች እና ከ105 በላይ እየተመላለሰ የሚዘጋ ገበያን አስቡ፦ ታች ሲደርስ ያስሸጣችኋል፣ ላይ ሲደርስ ያስገዛችኋል፣ በየመገልበጡ 9 ነጥብ ገደማ ይበላል።

## ደረጃ 6፦ መዘግየቱን በራሳችሁ ቻርት ለኩ

ያለፉትን መገልበጦች አንድ በአንድ ውሰዱ፤ ሃያ ያህል ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ወደ ታች ለተገለበጠ ሁሉ፣ ከቀደመው መገልበጥ ወዲህ የነበረውን ከፍተኛ መዝጊያ ፈልጉ። ከእሱ ላይ የተገለበጠበትን መዝጊያ ቀንሱ። ውጤቱን በጫፉ ካንድል ኤቲአር አካፍሉ። ወደ ላይ ለተገለበጠው ደግሞ ዝቅተኛውን መዝጊያ ተጠቀሙ። አጠገቡ ባለው አምድ ላይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ጉዞ በኤቲአር ጻፉ።

የሁለተኛው አምድ ቁጥሮች ከመጀመሪያው አምድ እጥፍ በደንብ የሚበልጡባቸው ጥቂት ትላልቅ ጉዞዎች ይኖራሉ። ትርፉ ያለው እነሱ ላይ ነው። እነሱ የሌሎቹን ኪሳራ መሸፈን አለመሸፈናቸውን በዓይን ታያላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ቅንብሩን ስትነኩ

መገልበጡን ማፍጠን የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ርዝመቱን ከ10 ወደ 7 ያወርዳል። በምሳሌአችን ግን የተገለበጠበት መስመር የተቀመጠው ሁለተኛው ካንድል ላይ ነበር፤ ድንገተኛው ካንድል ከመምጣቱ በፊት፣ ገበያው በተረጋጋበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት የ7 እና የ10 ኤቲአር ብዙም አይራራቁም። ርዝመቱ በዋናነት የሚወስነው ኤቲአሩ ከድንጋጤ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰክን ነው፤ ማለትም ዝርጉ መስመር መቼ እንደሚነሳ።

ርቀቱን በቀጥታ የሚቀይረው ማባዣው ነው። ያንኑ ምሳሌ በ2 ብናሰላው፣ ሁለተኛው ካንድል ላይ መስመሩ 104 ሲቀነስ 4.25፣ 99.75 ይሆናል። አራተኛው ካንድል 98.5 ላይ ሲዘጋ ይገለበጣል፤ ሁለት ካንድል ቀድሞ፣ 2.5 ነጥብ አትርፎ። ደስ ይላል። ግን ያው ማባዣ ትሬንዱ መሃል ላይ ትንሽ ሲያርፍም ይገለበጣል። ደረጃ 6ን በአዲሱ ማባዣ ደግማችሁ ሳትሠሩ አትቀይሩት፤ የመገልበጦቹ ብዛት ስንት እንደሆነ እዚያው ይታያል።

ስቶፕን በተመለከተ ከሁለት አንዱን ምረጡ። በመስመሩ ላይ ትእዛዝ ካስቀመጣችሁ፣ አምስተኛው ካንድል ላይ 97.625 አካባቢ ትወጣላችሁ፤ ኢንዲኬተሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። መዝጊያ ከጠበቃችሁ 96 ላይ ትወጣላችሁ። እዚህ ምሳሌ ላይ መንካቱ ተሻለ፤ ካንድሉ በዘንጉ ብቻ መስመሩን ነክቶ በሚመለስባቸው ቀናት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የማይሆነው በመዝጊያ የተፈተነን ስልት በመንካት መነገድ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ስልቶች ናቸው፣ ውጤታቸውም ይለያያል።

በመጨረሻ ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮች። ያልተዘጋ ካንድል ላይ ቀለሙ ሲቀያየር ታያላችሁ፤ ካንድሉ ሲዘጋ ሊጠፋ የሚችል ሲግናል ስለሆነ አለርታችሁን በካንድል መዝጊያ ላይ አድርጉት። ትሬዲንግቪው ላይ በፓይን የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ፦

```
[st, dir] = ta.supertrend(3, 10)
isUp = dir < 0
```

ማባዣው ነው የሚቀድመው፣ ርዝመቱ ይከተላል። `dir` ወደ ላይ ሲሆን -1፣ ወደ ታች ሲሆን 1 ይመልሳል። ምልክቱ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው፤ ባክቴስታችሁ መስተዋት እንደሚያሳየው ተገልብጦ ከወጣ መጀመሪያ ይቺን መስመር ተመልከቱ።